በሩ ሲዘጋ ምን ይባላል? የውስጥ ኦዲት ኃላፊና የኦዲት ኮሚቴ ያለ ማኔጅመንት ሲገናኙ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቦርድ ባላቸው ተቋማት፣ በተለይ በብድርና ቁጠባ ተቋማትና በአክሲዮን ማኅበራት አካባቢ፣ ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። የቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው ዋና ሥራ አስኪያጁንና የፋይናንስ ኃላፊውን "እናመሰግናለን፣ ትንሽ ውጭ ጠብቁን" ይላቸዋል። የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ብቻ ትቀራለች። በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወሬ ይጀመራል። ማንን ከሰሰች? ምን አሳበቀች? እኛ ፊት የማይባል ምን ነገር አለ?

ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ የሚያስተዳድረው ድርጅት ጉዳይ እሱ በሌለበት ሲነሳ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በአንጻሩ ደግሞ ይህ ስብሰባ የሰብሳቢው የግል ፈጠራ ወይም የኦዲተሯ ተንኮል አይደለም። የዓለም አቀፉ የውስጥ ኦዲተሮች ኢንስቲትዩት አዲስ ደረጃዎች ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2025) ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ቦርዱ ለውስጥ ኦዲት ኃላፊው ከባድና ስሱ ጉዳዮችን የሚያነሳበት ዕድል መስጠት አለበት። ከፍተኛ አመራሩ የሌለበት ስብሰባም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ስለዚህ ማወቅ የሚጠቅመው በዚያ ክፍል ውስጥ ምን መባል እንዳለበት፣ ምን መባል እንደሌለበትና ነገሩ ሲበላሽ በምን እንደሚታወቅ ነው።

ሁለት አለቃ ያለው ሥራ

የውስጥ ኦዲት ኃላፊ የሚባለው የድርጅቱን የውስጥ ኦዲት ክፍል የሚመራው ሰው ነው። ሥራው የድርጅቱ ቁጥጥር በወረቀት ላይ እንዳለው በተግባርም መኖሩን ማየት ነው። ኦዲት ኮሚቴ ደግሞ ከቦርዱ አባላት የተውጣጣ ትንሽ ቡድን ነው። የሒሳብ ሪፖርቱን፣ የውጭ ኦዲተሩንና የውስጥ ኦዲቱን በቦርዱ ስም ይከታተላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ኮርፖሬት አስተዳደር መመሪያ ይህ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል።

የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ በሁለት መስመር ሪፖርት ታደርጋለች። ፈቃድ የምትወስደው፣ ቢሮና መኪና የምትጠይቀው፣ ደመወዟ የሚከፈላት በሥራ አስኪያጁ በኩል ነው። ይህ የአስተዳደር መስመር ይባላል። ዓመታዊ የኦዲት ዕቅዷን የሚያጸድቀው፣ ሹመቷንና ስንብቷን የሚወስነው፣ ግኝቷን የሚቀበለው ግን ቦርዱ ወይም ኮሚቴው ነው። ይህ ደግሞ የተግባር መስመር ነው። ሁለቱም መስመሮች የውስጥ ኦዲት ቻርተር በሚባለው፣ ቦርዱ በሚያጸድቀው ሰነድ ላይ መስፈር አለባቸው።

ችግሩ ሁለቱ መስመሮች እኩል ጉልበት የሌላቸው መሆኑ ነው። ኦዲተሯ ሥራ አስኪያጁን በየቀኑ ታገኘዋለች። ኮሚቴውን የምታገኘው በሩብ ዓመት አንድ ቀን ነው። ያኔም ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። በትንሽ ከተማ ነገሩ ይብሳል። ምናልባት የአንድ እድር አባላት ናቸው። ባለፈው ወር በአንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነገ ደግሞ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይገናኛሉ። ይሉኝታ በሰው ፊት ብዙ ነገር ያስውጣል። ዝግ ስብሰባው የተፈጠረው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አንድ ሩብ ዓመት በቅርበት ሲታይ

ነገሩ በሐሳብ ብቻ ሲወራ አይጨበጥም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ የሆነ፣ በባቲና በሌሎች የወሎ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው የአነስተኛ ብድር ተቋም እናስብ። ተቋሙም፣ ሰዎቹም፣ ቁጥሮቹም ለማብራሪያ የተፈጠሩ ናቸው። አሠራሩ ግን ብድር ኦዲት ያደረገ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ላይ የኦዲት ቡድኑ ለከብት ነጋዴዎች ብዙ ብድር ወደሰጠ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ከብድር ፋይሎቹ 40ውን በዕጣ ያወጣል። ከእነዚህ በ11ዱ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል።

አንዱን ፋይል እንግለጥ። ተበዳሪው የወሰደው 300,000 ብር ክፍያው በ97 ቀን ዘግይቷል። ሰኔ 27 ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ከ14 ላይ ዋናውና ወለዱ፣ በድምሩ 342,000 ብር፣ በጥሬ ገንዘብ እንደተከፈለ በሲስተሙ ተመዝግቧል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በዚያው ገንዘብ ያዥ፣ ለዚያው ሰው፣ ልክ 342,000 ብር አዲስ ብድር ወጪ ሆኗል። ገንዘብ ያዡ በእጁ በሞላው የዕለት ቆጠራ ወረቀት ላይ ግን በዕለቱ የተቀበለው ጥሬ ገንዘብ በጠቅላላ 118,000 ብር ነው። 342,000 ብር የሚባል ገንዘብ ወደ ካዝናው አልገባም። አልወጣምም። የተንቀሳቀሰው ወረቀት ብቻ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? የዘገየው 97 ቀን ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር በተለምዶ ጤናማ ካልሆኑት ይመደባል። ለእሱም መጠባበቂያ፣ ማለትም ገንዘቡ ባይመለስ ለሚመጣው ኪሳራ ከትርፍ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ ይያዛል። አሁን ግን ብድሩ ትኩስና ጤነኛ መስሎ ዓመቱን ዘጋ። ያልተሰበሰበው 42,000 ብር ወለድም ገቢ ተብሎ ተቆጠረ።

ኦዲተሯ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ኮሚቴው አይደለም። ግኝቱን ለቅርንጫፉ ኃላፊ ታሳየዋለች፣ የጽሑፍ መልስ ትቀበላለች። ከዚያ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ትወጣለች። እሱም እንዲህ ይላል፦ "እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ በ2014ቱ ጦርነት ከብታቸው ያለቀባቸው ናቸው። ብናስጨንቃቸው ጨርሶ ይጠፋሉ። ደግሞ የውጭ ኦዲተሮቹ እየመጡ ነው፣ ከባንክ የጠየቅነው ብድርም አልተለቀቀም። ይህን ወደ ሁለተኛው ሩብ ዓመት እናሸጋግረው። 'በአምስት ደቂቃ ልዩነት' የሚለውን ዓረፍተ ነገርም አውጪው፣ ሰው ያስከፋል።"

የመጀመሪያው ክርክሩ ተራ ሰበብ አይደለም። ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና አካባቢውን ክፉኛ እንደጎዳ ሁሉም ያውቃል። ለተጎዳ ተበዳሪ ጊዜ ማራዘም የታወቀና ሕጋዊ አሠራር ነው። ግን ማራዘም በማመልከቻ ይጠየቃል፣ በብድር ኮሚቴ ይጸድቃል፣ በሪፖርት ላይም "የተራዘመ" ተብሎ ይታያል። እዚህ የተደረገው ማራዘም አይደለም። አሮጌው ብድር እንደተከፈለ አድርጎ መመዝገብ ነው። ኦዲተሯ ይህን ልዩነት በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለባት። የሥራ አስኪያጁን ክርክርም ሳትቀንስ ከጎኑ ማስፈር አለባት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ይዘግይና ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ የሚለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ የምትመልሰው አጭርና ግልጽ መሆን ይኖርበታል፦ "ሪፖርቱን በጊዜው አቀርባለሁ። የእርስዎ መልስ ሙሉውን ይካተታል። እንዲዘገይ መጠየቅዎንም ለኮሚቴው እናገራለሁ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርዎት።"

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ነው። ዝግ ስብሰባ ሐሜት የሚሆነው ሰውየው የማያውቀው ነገር ከጀርባው ሲነገር ነው። የሚነገረውን ጉዳይ እሱ አስቀድሞ ካወቀ ግን ቅሬታ እንጂ ክህደት አይሰማውም። ከዚህ ደንብ የሚወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ጥርጣሬው በራሱ በሥራ አስኪያጁ ላይ ከሆነና ቀድሞ መንገር ሰነድ ለማጥፋት ዕድል የሚሰጥ ከሆነ፣ ኦዲተሯ በቀጥታ ወደ ሰብሳቢው ትሄዳለች። በምሳሌያችን ግን እዚያ የሚያደርስ ማስረጃ የለም።

ዝግ ስብሰባው

የኮሚቴው ሰነድ ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ለአባላቱ ይደርሳል። ኦዲተሯ ከሁለት ቀን በፊት ለሰብሳቢው ትደውላለች። ዝርዝሩን አታወራም። በዝግ ስብሰባው የምታነሳቸው ሦስት ጉዳዮች እንዳሏትና ሃያ ደቂቃ እንደሚበቃት ብቻ ትነግረዋለች። ሰብሳቢው ጊዜውን መመደብ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው።

የ11ዱ ብድሮች ግኝት የሚቀርበው ሁሉም ባሉበት ነው። ሥራ አስኪያጁም እዚያው መልስ ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግኝት ለዝግ ስብሰባ አይቆጠብም። ማኔጅመንት በግኝቱ ላይ የመከራከር መብት አለው። ኮሚቴውም ክርክሩን መስማት ይጠቅመዋል። ለዝግ ስብሰባ የሚቀረው ከግኝቱ ጀርባ ያለው ነገር ነው፦ ኦዲቱ በነጻነት ተሠራ ወይ? አቅም አለው ወይ? ሰው ፊት ቢነገር የሚድበሰበስ ነገር አለ ወይ?

በሩ ሲዘጋ ኦዲተሯ ሦስቱን በተራ ታቀርባለች። ሪፖርቱ እንዲዘገይና አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ ተጠይቃለች። ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደጠየቃት ትናገራለች። ሁለተኛ፣ የሲስተሙን የአጠቃቀም መዝገብ ለማግኘት 11 የሥራ ቀን ጠብቃለች። የጠየቀችባቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ታሳያለች። በመጨረሻም ይኸው አሠራር በሌሎች አራት ቅርንጫፎች ስለመኖሩ ለማየት 25 የሥራ ቀንና የሲስተም ዳታ ማውጣት የሚችል አንድ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት ታስረዳለች። ይህ ከጸደቀው ዕቅድ ውጭ ስለሆነ የኮሚቴውን ውሳኔ ትጠይቃለች።

ከዚህ በላይ አትሄድም። አንዱ አባል "ሥራ አስኪያጁ ራሱ ያዘዘው ይመስልሻል?" ቢላት መልሷ "እሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም። የሲስተሙ መዝገብ ማን እንዳጸደቀ ያሳያል፣ ለዚያ ነው የምፈልገው" የሚል ነው። "በዚህ ዓይነት 3 ሚሊዮን ብር ነው ወይስ 30?" ቢላትም ከ40 ፋይል በ11ዱ ላይ ማግኘቷን ትናገራለች። ዕጣው የወጣው ከዚያ ቅርንጫፍ ብቻ ስለሆነ ስለ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ምንም አይናገርም። ያየችውን ከገመተችው መለየት የዚህ ስብሰባ ዋና ሥነ ሥርዓት ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ለመከላከል እዚያ የለም። ስለዚህ የኦዲተሯ ቃል በሌላ ቦታ ካለው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

የሰብሳቢው አጠያየቅም ከዚህ እኩል ይመዝናል። "ችግር አለ እንዴ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ "አይ፣ ደህና ነው ጋሼ" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይህ የሰላምታ ጥያቄ ነው፣ የሰላምታ መልስም ይሰጠዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰብሳቢ ጥያቄውን ያጠባል። በዚህ ሩብ ዓመት ያልተሰጣችሁ ወይም የዘገየባችሁ ሰነድ አለ? ከሪፖርቱ ውስጥ ቃል ወይም የአደጋ ደረጃ እንዲለወጥ የጠየቀ ሰው አለ? ከዕቅዱ የወጣ ሥራ ካለ ማን አወጣው? እኔ ብሆን ይህን እጠይቅ ነበር የምትይው፣ ግን እኛ ያልጠየቅነው ነገር አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ትልቅ በር ትከፍታለች።

ኮሚቴው ሲወስን ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ቃለ ጉባኤው ነው። ዝግ ስብሰባ መካሄዱ፣ ማን እንደነበረ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየና የተወሰነው ውሳኔ ይጻፋል። ንግግሩ ቃል በቃል አይሰፍርም። ጸሐፊው የሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ከሆነ ለዚያ ሰዓት ይወጣል፣ ማስታወሻውን ከአባላቱ አንዱ ይይዛል። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጁን መልሶ መጥራት ነው። ሰብሳቢው እንዲህ ሊለው ይችላል፦ "የሲስተሙ መዝገብ በሦስት ቀን ውስጥ ለኦዲት ክፈቱ። ምርመራው ወደ አራት ቅርንጫፎች ይሰፋል። ሪፖርቶች በጊዜያቸው እንዲመጡ እንፈልጋለን።" ይህ ካልተደረገ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው የሚያገኘው ወሬ ብቻ ይሆናል።

የሚነሱት ተቃውሞዎች

ከሥራ አስኪያጆች በኩል የሚቀርበው ዋና መከራከሪያ መተማመንን ያፈርሳል የሚል ነው። ኦዲተሯ የቦርዱ ጆሮ ጠቢ ተደርጋ ከታየች ሠራተኛው ሰነድ መስጠት ያቆማል፣ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች እሷን ሲያዩ ይሸሻሉ። ይህ በእውነት የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን መነሻውን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ዝግ ስብሰባ በየስብሰባው በማይደረግበትና ችግር ሲፈጠር ብቻ በሚጠራበት ቦታ ነው። ዓመት ሙሉ ሳይደረግ ቆይቶ ድንገት ሰብሳቢው "ዛሬ ለብቻችን እናውራ" ካለ፣ ያ ጥሪ ራሱ ክስ ይሆናል። ገና አንድ ቃል ሳይወጣ ውጭ ያለው ሁሉ ሰው ተጠርጣሪ ይፈልጋል።

መፍትሔው ስብሰባውን ማስቀረት ሳይሆን ተራ ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ቋሚ ነጥብ ሆኖ ይግባ። የሚነገር ነገር ባይኖርም ይደረግ፣ አምስት ደቂቃም ቢሆን። ያኔ የበሩ መዘጋት ምንም ዜና አይሆንም። ኮሚቴው ከሥራ አስኪያጁ ጋርና ከውጭ ኦዲተሩ ጋርም በየተራ ለብቻ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በእሱ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ የሚጥለው ግዴታ ይኸው ነው፦ የኦዲት ኮሚቴው ከማኔጅመንት፣ ከውስጥ ኦዲተሮችና ከውጭ ኦዲተሮች ጋር በየጊዜው ለየብቻ ይገናኛል። ሥራ አስኪያጁም ስለ ኦዲት ክፍሉ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ይችላል። ኦዲተሮቹ ሥራ ያስተጓጉላሉ፣ ብድር አያውቁም ሊል ይችላል። እሱም በር ተዘግቶለት ይናገር።

ከኦዲተሮች በኩል ደግሞ የተገላቢጦሽ ስጋት አለ። "ተናግረን የት እንኖራለን?" የሚል። የዓመት የሥራ ውጤት ምዘናዋን የሚሞላው ሥራ አስኪያጁ ከሆነ፣ የመስክ አበልና መኪና በእሱ ፊርማ የሚወጣ ከሆነ፣ ሃያ ደቂቃ የዝግ ስብሰባ አያድናትም። ይህ ትክክል ነው። ስብሰባው ያለ ሌሎቹ ጥበቃዎች ባዶ ነው። ሹመቷና ስንብቷ ያለ ቦርዱ ፈቃድ የሚፈጸም ከሆነ፣ ምዘናዋ ላይ ኮሚቴው ድምፅ ከሌለው፣ የምትናገረው ሁሉ ተመዝኖ የተቀነሰ ይሆናል። ከስብሰባው ቀጥሎ ባለው ሩብ ዓመትም ሰብሳቢው አንድ ነገር ማጣራት አለበት፦ የኦዲቱ የመስክ በጀት ተቆርጧል ወይ? ከክፍሉ ሠራተኛ ተዛውሯል ወይ? በቀል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በደብዳቤ ሳይሆን በእነዚህ በኩል ነው።

ኦዲተሯም የራሷ ፈተና አለባት። የደመወዝ ቅሬታዋን፣ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ያላትን የግል ቁርሾ ወደዚያ ክፍል ይዛ ከገባች፣ ኮሚቴው በሚቀጥለው ጊዜ ቃሏን ሁሉ በዚያ መነጽር ነው የሚያየው። ያ ክፍል የሥራ ነጻነትና አቅም የሚነሳበት ነው።

የዎርልድኮም ነገር

ይህ ሁሉ ለምን እንደተደነገገ የሚያሳይ በአደባባይ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ዎርልድኮም የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ሲንቲያ ኩፐር ነበረች። ቡድኗ ኩባንያው የየዕለት ወጪዎቹን እንደ ንብረት እየመዘገበ ትርፉን ማሳበጡን ደረሰበት። የፋይናንስ ዋና ኃላፊው ስኮት ሱሊቫን ምርመራው ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት እንዲሸጋገር ጠየቀ። እሷ ግን አላሸጋገረችም። የኦዲት ኮሚቴውን ሰብሳቢ ማክስ ቦቢትን በቀጥታ አነጋገረች። ኩባንያው በዚያው ዓመት ጁን ወር መጨረሻ አካባቢ ይፋ ያደረገው የተሳሳተ ምዝገባ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በኋላ ሲጣራ ወደ 11 ቢሊዮን ተጠጋ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ኦዲተሯ ጀግና መሆኗ ብቻ አይደለም። የመዘግየት ጥያቄው ራሱ መረጃ መሆኑ ነው። "አሁን አይሁን፣ ሩብ ዓመቱ ይለፍ" የሚለው ቃል ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም። ብዙ ጊዜ እውነተኛ የሥራ ጫና ነው። ግን ኮሚቴው ጥያቄው መቅረቡን ካላወቀ መመዘን አይችልም። በማኔጅመንት ፊት ደግሞ ይህ ጥያቄ መቅረቡ እምብዛም አይነገርም።

መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

አንዳንድ ቦታ ዝግ ስብሰባ በወረቀት ላይ አለ፣ በተግባር ግን የለም። ለመለየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፣ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች ማንበብ ይበቃል። በየሩብ ዓመቱ "የተነሳ ጉዳይ የለም" የሚል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከተደጋገመ ይጠርጠር። ለዓመታት አንድም ሰነድ ያልዘገየበት፣ አንድም የሠራተኛ እጥረት ያልገጠመው የኦዲት ክፍል ማግኘት ይከብዳል።

ሰዓቱም ይናገራል። ስብሰባው ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት መጨረሻ ላይ፣ አባላቱ ቦርሳቸውን ይዘው ሲነሱ የሚደረግ ከሆነ ማንም ከባድ ነገር አያነሳም። ከሁሉ የከፋው ምልክት ግን ሌላ ነው። ኦዲተሯ በዝግ የተናገረችውን ነገር በማግስቱ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ አፍ ከሰማች፣ ጉዳዩ አልቋል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ቢደረግም የሚነገር ነገር አይኖርም። በወሎ ከተሞች ይህ ስጋት ሩቅ አይደለም። የቦርድ አባሉና ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ አንድ ሰርግ ላይ ይገናኛሉ፣ ነገር ነገርን ያነሳል። የኮሚቴ አባላት የሚስጥር ግዴታቸውን በጽሑፍ የሚፈርሙበት ምክንያት እዚህ አካባቢ ከሌላው የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም።

የሪፖርቱ ጉዞም ይታይ። የኦዲት ሪፖርት ወደ ኮሚቴው የሚሄደው በሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት "ተስተካክሎ" ከሆነ፣ ኮሚቴው የሚያነበው የማኔጅመንትን ሪፖርት ነው። ማኔጅመንት መልሱን ይጽፋል እንጂ ግኝቱን አያርምም።

ቦርድ በሌለበትስ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁኔታ ይለያል። በፌዴራል የፋይናንስ አስተዳደር ሥርዓት የውስጥ ኦዲት ክፍሉ ሪፖርቱን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊና ለገንዘብ ሚኒስቴር ያቀርባል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቦርድም ኦዲት ኮሚቴም የላቸውም። እዚያ "ያለ ማኔጅመንት" የሚባለው ቦታ የሚገኘው ወደ ውጭ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሌላ ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤው የሚመርጠው የቁጥጥር ኮሚቴ አላቸው። ይህ ኮሚቴ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው፣ የቦርድ ኦዲት ኮሚቴ ግን አይደለም። ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ግራ መጋባት ይፈጥራል።

ሰብሳቢው ራሱ ጉዳዩ ውስጥ ሲኖር

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ከ11ዱ ተበዳሪዎች አንዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ቢገኝስ? የንግድ ማኅበረሰቡ በተሳሰረበት አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። ኦዲተሯ ያኔ ዝግ ስብሰባ ሄዳ ሰብሳቢውን በአባላቱ ፊት ማሳጣት የለባትም። ዝም ማለትም አትችልም። መጀመሪያ ለሰብሳቢው ለራሱ ትነግረዋለች። ጨዋ ሰብሳቢ ከሆነ በዚያ ጉዳይ ላይ ራሱን ያገላል፣ ሌላ አባል ይመራል። እምቢ ካለ ቀጣዩ በር የቦርዱ ሊቀመንበር ነው፣ ከዚያም ሙሉ ቦርዱ።

ቦርዱም ሰምቶ "አደጋውን ተቀብለናል፣ ብድሮቹ እንዳሉ ይቆዩ" ሊል ይችላል። ደረጃዎቹ በዚህ ላይ ግልጽ ናቸው። ኦዲተሯ አመራሩ የተቀበለው አደጋ ከመጠን በላይ ነው ብላ ካመነች ከአመራሩ ጋር ትነጋገራለች፣ ካልተፈታ ወደ ቦርዱ ትወስደዋለች። አደጋውን ራሷ መፍታት ግን የእሷ ሥራ አይደለም። ብድሩን አትሰርዝም፣ ሒሳቡን አታርምም። ከቦርዱ በላይ ወዳለ ተቆጣጣሪ አካል መሄድ ያለባት ሕግ የሚያስገድድ ከሆነ ነው። ይህንንም አስቀድማ ከሕግ ባለሙያ ጋር ማጣራት አለባት።

ይህ መንገድ ሁሉ፣ ከሰብሳቢው እስከ ሊቀመንበሩ፣ ከሊቀመንበሩ እስከ ሙሉ ቦርዱ፣ በቻርተሩ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ችግሩ ከመጣ በኋላ "ማንን ላናግር?" ብሎ መጠየቅ ረፍዷል። ዝግ ስብሰባው በእያንዳንዱ መደበኛ ስብሰባ እንደሚደረግ፣ ቃለ ጉባኤውን ማን እንደሚይዝ፣ ሰብሳቢው የጥቅም ግጭት ሲኖርበት ማን እንደሚተካው፣ ሦስቱም በአንድ ገጽ ይገባሉ። ቦርዱ ቻርተሩን የሚያይበት ስብሰባ ሲቃረብ ኦዲተሯ ያንን ገጽ አዘጋጅታ መሄድ ትችላለች።